ደብተሩን ማን ይያዝ? የደሴ ብራይዳል ሻወር የሥራ ማስታወሻ

አራት ሳምንት ሲቀር

ሚዜዎቹ ሥራ ተከፋፈልን። ዲኮሩን አንዷ ወሰደች፣ ኬክና መክሰሱን ሌላዋ። ጨዋታ፣ መቀመጫና የስጦታ ምዝገባ የኔ ሆነ። ምዝገባውን ራሴ ነኝ ለምኜ የወሰድኩት፤ ምክንያት አለኝ።

አምና የአንዲት ጓደኛችን ሻወር ላይ ሠላሳ የሚሆን ስጦታ ተከፈተ። ሁሉም በአንዴ። አንዷ ቪዲዮ ትቀዳለች፣ አንዷ ፎቶ ታነሳለች፣ አንዷ ወረቀቱን እየቦጨቀች ወደ ጥግ ትወረውራለች። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ማታ ላይ አንድ ክምር ዕቃና አንድ ክምር ካርድ ቀረን፤ የትኛው ካርድ የየትኛው ዕቃ እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። ሙሽሪት ከሳምንት በኋላ አንዲት ሴትዮ ቤት ሄዳ ስለ ብርድ ልብሱ አመሰገነች። ሴትዮዋ ያመጣችው የድስት ሰት ነበር። ብርድ ልብሱን የሰጠችው ደግሞ እዚያው ቡና ላይ ቁጭ ብላለች። ዝም አለች። ዝምታዋ እስካሁን ይታወሰኛል።

የአሁኗ ሙሽራ የአክስቴ ልጅ ናት። አክስቴን «እትዬ፣ ስጦታውን የምመዘግበው እኔ ነኝ» ስላት «ስጦታ አትበይው፣ ብድር ነው፤ ብድር በምድር» አለችኝ። ልክ ናት። ይህ ደብተር የምስጋና ብቻ አይደለም። ነገ የነሱ ልጅ ስታገባ፣ ስትወልድ፣ ምን ይዘን እንደምንሄድ የምናየው ከዚህ ነው።

ቀኑን መጀመሪያ ዓርብ ብለን ነበር። ሞኝነት። ለግማሹ እንግዳ ጁምዓ ነው፣ ለግማሹ ጾም። ወደ ቅዳሜ አዞርነው። ሥጋ ደግሞ ከነጭራሹ አይኖርም ተባለ። የክርስቲያን፣ የእስላም እየተባለ ሁለት ድስት ከሚጣድ ኬክ፣ ፍራፍሬ፣ አምባሻ፣ ቆሎና ቡና ይበቃል። ወሎ ላይ ይህን ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሁሉም ቤት ያውቀዋል።

ሦስት ሳምንት ሲቀር

የእንግዶች ዝርዝር በስልክ ሺት ላይ ጀመርኩ። 46 ስም። እዚህ ጋ የመጀመሪያው ችግር መጣ። አራት ሐዋ አሉ። አንዷ ጎረቤት፣ አንዷ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ፣ አንዷ የሙሽራው አክስት፣ አንዷ የልጅነት ጓደኛ። ደብተር ላይ «ሐዋ፣ ቴርሞስ» ብሎ መጻፍ ምንም እንዳለመጻፍ ነው።

የባሰው ደግሞ ፊደሉ። እኔ «ሐዋ» ብዬ ጻፍኩ፣ የሙሽሪት እህት ስትጨምር «ሃዋ» አለች። ሰዓዳም እንዲሁ፣ በዓይኑ ዓ አለ፣ በአልፋው አ አለ። ሺቱ ላይ ስፈልግ ግማሹን አያገኘውም። ለእኛ አንድ ድምፅ ቢሆንም ለስልኩ ሌላ ፊደል ነው። ስለዚህ ከስሙ አጠገብ አንድ የተደበቀ አምድ ጨመርኩና ፊደሎቹን ወደ አንድ መለስኳቸው፦

```
=SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(B2,"ሐ","ሀ"),"ሃ","ሀ")
```

ቀመሩን C አምድ ላይ አስገብቼ እስከ ታች ጎተትኩት። ከዚያ የተደገመ ስም ለማየት ይህችን፦

```
=COUNTIF(C:C,C2)
```

ከ1 በላይ ያለበት ስም ሁሉ የአባት ስምና «የማን ወገን» የሚል ግዴታ ገባበት። ይህ አሠራር «ሰ» እና «ሠ»ን፣ «አ» እና «ዐ»ን አይነካም፤ ለነሱም SUBSTITUTE መደርደር ይቻላል፣ እኔ ግን በዓይኔ አየኋቸው። 46 ስም ነው።

አንድ ሌላ ስህተት፦ የአንዳንዶቹን ስም «እትዬ» እያልኩ ነበር የጻፍኩት። በፊደል ተራ ሳስተካክለው ሁሉም እትዬዎች አንድ ላይ ተሰበሰቡ። ማዕረጉን ወደ ሌላ አምድ ወሰድኩት።

ሁለት ሳምንት ሲቀር

የደብተሩን ገጽ አሠመርኩ። መጀመሪያ ሦስት አምድ ነበረው፦ ቁጥር፣ ስም፣ ዕቃ። አክስቴ ቡና እያፈላች ሳነብላት «ያመጣው ሁሉ ሰጪ ነው እንዴ?» አለች። አልገባኝም። «የታመመች ጎረቤት በልጇ ትልካለች። አንዷ የሦስት ሰው ይዛ ትመጣለች። የመሥሪያ ቤት ሰዎች አዋጥተው በአንዷ እጅ ይልካሉ። አንቺ ያመጣችውን ብቻ ከጻፍሽ ሌሎቹን በላሻቸው።»

ገጹን ቀደድኩት። አዲሱ እንዲህ ነው፦ ቁጥር፣ ሰጪ ከነአባት ስም፣ የማን ወገን፣ በማን እጅ የመጣ፣ ዕቃው፣ ምስጋና ደረሰ ወይ። ስድስት አምድ ስለሆነ ደብተሩን አግድም ይዤ አሠመርኩት። የተዋጣ ከሆነ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የአዋጪዎቹ ስም ግን ሁሉም ይጻፋል፤ ካልበቃ ከጀርባ ገጹ።

ቀጥሎ ቁጥሩ። ገበያ ወጥቼ ተለጣፊ ወረቀት ገዛሁ፣ 120 ብር። ደብተሩ 80። በሙከራ ደረጃ ቤት ውስጥ አምስት ካርቶን በስጦታ ወረቀት ጠቀለልኩ፣ ቁጥር ለጠፍኩ፣ እህቶቼን ክፈቱ አልኳቸው። ውጤቱ፦ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ተቀደደና ቆሻሻ ውስጥ ገባ። የአምናው ችግር በአዲስ ልብስ!

መፍትሔው ጥንድ ቁጥር ሆነ። እያንዳንዱን ቁጥር ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። አንዱ ስጦታው ሲመጣ ጥቅሉ ላይ ይለጠፋል። ሁለተኛው ደብተሩ ላይ፣ እዚያው መስመር ጫፍ ላይ፣ ሳይጠብቅ በስሱ ተለጥፎ ይቆያል። ስጦታው ሲከፈት ከደብተሩ ተነቅሎ ዕቃው ራሱ ላይ ይለጠፋል፤ ስኒ ከሆነ ሥሩ ላይ፣ ልብስ ከሆነ የፋብሪካ ካርዱ ላይ። ለካስ ሌላ ጥቅምም አለው። ደብተሩ ላይ ቁጥሩ ተነቅሎ ከሄደ ተከፍቷል ማለት ነው። ቁጥሩ ካለ ስጦታው መጥቷል፣ ግን አልተከፈተም። በመጨረሻ ያዳነን ይሄ ነው።

አሥር ቀን ሲቀር፣ ጨዋታ

ሦስት ጨዋታ ሞከርን፣ አንዱን ጣልነው።

የጣልነው በሶፍት ቀሚስ የመሥራት ውድድር ነው። ቪዲዮ ላይ ያምራል። ቤት ውስጥ ስንሞክረው አክስቴ ሦስት ጥቅል ሶፍት መሬት ላይ ስታይ ፊቷ ተለወጠ። «ብክነት ነው» ብላ ወጣች። አለቀ።

ሁለተኛው የተከለከለ ቃል ነው። እያንዳንዷ እንግዳ ስትገባ ነጠላዋ ወይም ሻርፗ ላይ አንድ የልብስ መቆንጠጫ ይደረግላታል። የተከለከለውን ቃል ያለች መቆንጠጫዋን ለሰማቻት ታስረክባለች። በየቪዲዮው የሚከለከለው «ሙሽራ» የሚለው ቃል ነው። እኛ «አብሽሪ»ን ከለከልን። ደሴ ውስጥ አብሽሪ ሳይሉ ለአሥር ደቂቃ መቀመጥ! በሙከራው ዕለት ጎረቤታችን ገና ደንቡ ሲነገራት «አብሽሪ፣ ገብቶኛል» ብላ ተቀጣች። መቆንጠጫ ሃምሳ ገዛን።

ሦስተኛው የስጦታ ቢንጎ ነው፤ ለኔ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመኝ እሱ ነው። እያንዳንዷ ባዶ ካርድ ትይዛለች፣ ምን ምን ስጦታ እንደሚመጣ ገምታ ትጽፋለች፣ ሙሽሪት ስትከፍት ያለውን ታጠፋለች፤ ሦስት በአንድ መስመር ከሞላ አሸነፈች። መጀመሪያ አራት በአራት አድርጌው ነበር። 16 ግምት መጻፍ ሰውን አሰለቸ። ሦስት በሦስት አደረግነው። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ስላሉ ከአንዲት ልጅ ጋር በጥንድ ይጫወታሉ።

ቢንጎው ለምን እንደሚጠቅመኝ ልንገራችሁ። ሰው ቢንጎ ሲጫወት ዕቃው ምን እንደሆነ በግልጽ መስማት ይፈልጋል። ስለዚህ አስተዋዋቂዋ «ቁጥር 14፣ የጀበናና የስኒ ሰት» ብላ ጮክ ማለት ግድ ይሆንባታል። ሰዉ ካርዱን እስኪያይ እኔ እጽፋለሁ፣ ቁጥሩን አዛውራለሁ። የሚያጣድፈኝ የለም። አምና በሩብ ሰዓት ያለቀው ሥራ አሁን ለአንድ ዕቃ ሁለት ደቂቃ ያህል ያገኛል።

አንድ ሳምንት ሲቀር፣ መቀመጫ

ሳሎኑ ውስጥ ከሶፋው ጋር 14 ሰው ይቀመጣል። ከእድር 26 የፕላስቲክ ወንበር ወሰድን፣ ለአባል በወንበር 10 ብር፣ 260። ድምር 40 መቀመጫ ለ46 ተጋባዥ። ሁሉም አይመጣም ብለን ገመትን። ቢሞላ ወጣቶቹ ምንጣፍ ላይ።

ወንበሩን በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ደረደርነው፣ ሙሽሪት በክፍቱ በኩል። ትላልቅ እናቶች ሶፋው ላይ፣ ጀርባቸው ወደ ግድግዳ። የደሴ ብርድ በተከፈተ በር ሲገባ አያድርስ ነውና በሩ አጠገብ ወጣት ብቻ። የሙሽራው ወገኖች ስድስት ናቸው፤ አንድ ላይ ካስቀመጥናቸው እንግዳ ሆነው ይቀራሉ፣ ከበታተንናቸው ደግሞ ይከፋቸዋል። ሁለት ሁለት አድርገን ሦስት ቦታ አስቀመጥናቸው፣ በመሃላቸው ከኛ ወገን ተጫዋች ሴት።

የስጦታ ጠረጴዛውን መጀመሪያ በሩ አጠገብ አድርጌው ነበር። የጎረቤት ልጆችን እንግዳ አስመስዬ ሳስገባ ሁሉም ስጦታውን ራሱ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ገባ። እኔ ስስማቸው ደብተሩ ባዶ። ጠረጴዛው ከኔ ጀርባ ሄደ። አሁን ስጦታው በእጄ ሳያልፍ ጠረጴዛው ላይ አይደርስም።

የኔ ወንበር ራሱ ጥግ ላይ ሆነ፣ ጀርባዬ ግድግዳ። በትከሻዬ በኩል ደብተሩን የሚያነብ እንዳይኖር ነው። እነማን ምን እንዳመጡ ማነጻጸር የሚወድ ሰው አይጠፋም። ፖስታ ደግሞ እዚያ አይከፈትም። ቁጥሩ ብቻ ይለጠፍበታል፣ ማታ ሙሽሪትና እህቷ ሁለት ሆነው ይቆጥራሉ፣ ገንዘቡ በሌላ ገጽ ይጻፋል።

የሰዓቱ ነገርም ተስተካከለ። ስጦታ መክፈቻውን 9 ሰዓት ተኩል ላይ አድርገን ነበር፤ ያን ጊዜ የዐስር ሰላት ሰዓት ነው። ግማሹ ቢንጎ ላይ ግማሹ ሰላት ላይ ሊሆን። ወደ 10 ሰዓት ከሩብ ገፋነው። ለሰጋጆች የልጆቹ መኝታ ክፍል ተጠርጎ ምንጣፍ ተነጠፈ።

ቀኑ

ጥሪው 8 ሰዓት ነው። የመጀመሪያዋ እንግዳ 8 ተኩል። 9 ሰዓት ላይ ግን በአንድ ጊዜ አሥራ አምስት ሰው ገባ፣ ምዝገባው እዚያ ጋ ሊንኮታኮት ነበር። ወረፋ ማስያዝ ነውር ነው። የሙሽሪትን እህት ጠርቼ እሷ እንድትቀበልና ቁጥር እንድትለጥፍ፣ እኔ እንድጽፍ አደረግን። ከመጀመሪያውም ሁለት ሰው መመደብ ነበረብኝ። አንድ ሰው መሳምና መጻፍ በአንዴ አይችልም።

38 ሰው መጣ። አብሽሪ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ቤቱን ጨረሰው። አንዲት የሙሽራው አክስት ቃሉን ራሳቸው ሳይሉ ዘጠኝ መቆንጠጫ ሰበሰቡ። ሰው የሚያጽናኑ መስለው «ልጄ ደከመሽ?» ይላሉ፣ ያቺ «አይ፣ አብሽሪ» ትላለች፣ እጃቸውን ይዘረጋሉ።

ፊኛዎቹን ከረከቦቱ በላይ የሰቀለ ሰው ማን እንደሆነ እስካሁን አልተነገረም። የከሰሉ ሙቀት ሦስቱን አፈነዳቸው። አንዲት እናት «ቢስሚላህ!» ብለው ስኒያቸውን ለቀቁት።

ስጦታ መክፈቻው 55 ደቂቃ ያህል ፈጀ። ቢንጎ የመጣው በአሥራ አንደኛው ዕቃ ላይ ነው። አንዷ ቀድማ ቢንጎ ብላ ጮኸች፤ ካርዷን ስናየው ሦስቱም ላይ «ቴርሞስ» ተጽፏል። ሕጉ ውስጥ አልከለከልነውም ነበር። ቴርሞስ አራት መጣ፤ እሷም ትክክል ነበረች ማለት ይቻላል።

ማታ፣ ሒሳብ ማስታረቅ

ሰው ከሄደ በኋላ ቆጠርን። በበር በኩል የገባው እስከ ቁጥር 37 ደርሷል፦ 26 ዕቃ፣ 11 ፖስታ። ፖስታዎቹ ልክ ናቸው። ዕቃ ስንቆጥርም 26 ሆነ። ደስ አለን።

ግን ደብተሩ ላይ የ29 ቁጥር ተለጣፊ አልተነቀለም። መጥቷል፣ አልተከፈተም። ታዲያ ዕቃው እንዴት 26 ሞላ? አንድ በአንድ ሥራቸውን እያገላበጥን ሄድን። ቁጥር የሌለው አንድ ዕቃ ተገኘ፤ የእጅ ስፌት፣ ትንሽ ሌማት። ማለት አንድ ጠፍቶ አንድ ያልተመዘገበ ገብቷል፤ ድምሩ ለዚያ ነው የገጠመው። በድምር ብቻ ብንታመን ሁለቱንም ሳናውቅ እንተኛ ነበር።

29ን ፍለጋ። ደብተሩ «ሰዓዳ፣ በእህቷ ልጅ እጅ፣ ጥቁር ፌስታል» ይላል። አንዷ የእንግዳ ዕቃ መስሏት ከነጠላና ከቦርሳ ጋር ወደ መኝታ ክፍል ወስዳዋለች። አልጋው ሥር ተገኘ። ስድስት የቡና ስኒ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ቁጥሩ ፌስታሉ ላይ። ከዚህ በኋላ በፌስታል የመጣ ሁሉ ባለ ቀለም ክር ይታሰርበታል።

ሌማቱስ? ማንም ከበር አልተቀበለም። አክስቴን ጠራናት። ወደ መብራቱ ወስዳ ጫፉን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። አክርማው ቀይና አረንጓዴ ነው፣ ጠርዙ ላይ ግን ስፌቱ ድርብ ሆኖ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። «ይቺ የከላይ ሰፈሯ እጅ ናት። እንዲህ የምትጨርስ ሌላ የለችም። በጓሮ በኩል ገብታ ጓዳ አስቀምጣልኝ ሄደች፣ ረስቼው» አለች። ጎረቤት በሳሎን አይገባም፣ በጓዳ ነው የሚገባው! እኔ በሩን ብቻ ነበር የጠበቅኩት። ጓዳውም ጥንድ ቁጥርና እርሳስ ያስፈልገው ነበር። ሌማቱ 38 ሆኖ ተመዘገበ።

የቀረው ቴሌብር ነው። ሦስት መልእክት፣ ሦስቱም በወንድ ስም። ባሎቻቸው ናቸው ማለት ነው፣ ግን የማን ባል? ሁለቱን በአባት ስም ከተጋባዦቹ ዝርዝር ጋር አገናኘን። ለሦስተኛው ሙሽሪት ወደ ቁጥሩ «ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ላከች። «እኔ አይደለሁም፣ ለእቴቴ ንገሪያት» የሚል መልስ መጣ፣ ከነስሟ። መልእክቶቹን ስክሪንሾት አድርገን አስቀመጥን። በድምሩ 41።

ከሳምንት በኋላ

ምስጋናው በአምስት ቀን ተዳረሰ። ትላልቆቹ ቤት ሙሽሪት ራሷ ሄደች፣ ለሌሎቹ ደወለች፣ ለአዋጪዎቹ ለእያንዳንዳቸው መልእክት። ሦስቱን ሐዋዎች በየስጦታቸው አመሰገነቻቸው። አራተኛዋ ሳትመጣ ስለቀረች ላላመጣችው ነገር እንዳትመሰገን ደብተሩ ላይ በቀይ ጽፌ ነበር።

ዛሬ ደብተሩን ለአክስቴ አስረከብኩ። ማንበብ ስለማትችል እኔ እያነበብኩ እሷ ትሰማለች። ቁጥር 29 ላይ አስቆመችኝ።

«ያቺ ሰዓዳ ናት? አጠገቧ ጻፊ። ልጇ ጥር ላይ ታገባለች።»

ቦታ አልነበረም። ሰባተኛ አምድ በእርሳስ አሠመርኩ።